ገጽ ተኩሉ መልቀቂያ

«እንደምን ከረማችሁ? ሲኒየር አካውንታንት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አስመጪ ድርጅት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን የተሻለ ሥራ አግኝቼ መስከረም 4 እንድጀምር ይፈልጉኛል። አለቃዬን ጋሼ ነው የምላቸው፤ ከጁኒየርነት ጀምረው ያሳደጉኝ ሰው ናቸው፣ እናቴ ስትታመምም ከጎኔ አልተለዩም። መልቀቂያዬን ስጽፍ ገጽ ተኩል ሆነብኝ። ባሳጥረው ውለታ የረሳሁ እመስላለሁ፣ እንዲሁ ባስገባው ደግሞ አንድ ነገር ደስ አይለኝም። የሐምሌን ታክስ አሳውቄ ነሐሴ 11 ሰኞ ላስገባው አስቤያለሁ። ረቂቁን ልኬላችኋለሁ፣ እባካችሁ እዩልኝ። ስሜ ይቆይ።»

እህቴ፣ ረቂቅሽን አነበብኩት። ደስ የማይልሽ ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ መሰለኝ። ደብዳቤው የተጻፈው ለጋሼ ነው፤ የሚቀመጠው ግን ጋሼ ዘንድ አይደለም። እሳቸው አንዴ አንብበው ወደ ሰው ሀብት ይመሩታል። ከዚያ በኋላ ኑሮው የግል ማህደርሽ ውስጥ ነው። የሚያነበውም ጡረታሽንና ክፍያሽን የሚያሰላው ሠራተኛ፣ የዓመቱን ሒሳብ ሊመረምር የመጣ ኦዲተር፣ አንቺን የሚተካው ሰው፣ ነገር ከመጣም ዳኛ ነው። እነዚህ ሰዎች የእናትሽን ሕመም አያውቁም። የሚፈልጉት መቼ ገባች፣ መቼ ለቀቀች፣ በምን ምክንያት፣ ምን ተረከበች፣ ምን አስረከበች የሚለውን ነው።

ስለዚህ አሳጥሪው። ውለታውን የምትመልሺበት ሌላ ቦታ አለ፣ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ከረቂቅሽ ውስጥ አራት ዓረፍተ ነገሮችን ላንሳ፤ እነሱ ከርዝመቱ በላይ አሳስበውኛል።

የመጀመሪያው «ከሥራ እንድሰናበት እንዲፈቀድልኝ በትህትና እጠይቃለሁ» የሚለው ነው። ትህትናው አይከፋም፤ የሀገራችን ደብዳቤ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጻፈው። ግን መልቀቅ ማመልከቻ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 31 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። የማንም ይሁንታ አያስፈልገውም። አንቺ ግን «ይፈቀድልኝ» ብለሽ ከጻፍሽ፣ ነገ አንዱ ኃላፊ «ጥያቄሽ ገና እየታየ ነው» ሊልሽ ይችላል። ቀኑ ይሄዳል፣ አንቺም ማስጠንቀቂያ ሰጠሽ ወይስ ጥያቄ አቀረብሽ የሚል ክርክር ውስጥ ትገቢያለሽ። «አሳውቃለሁ» በይ። አለቀ።

ሁለተኛው «ተተኪ ሰው እስኪገኝ ድረስ ለማገልገል ዝግጁ ነኝ» የሚለው ነው። ይህን የጻፈችው ይሉኝታሽ ናት። ተተኪ መቼ ይገኛል? ማስታወቂያ ይወጣል፣ ፈተና ይሰጣል፣ የተመረጠው ሰው ራሱ ካለበት ቦታ አንድ ወር ይጠብቃል። አዲሱ መሥሪያ ቤት ደግሞ መስከረም 4 ይጠብቅሻል። በአንድ በኩል ቀን ቆርጠሽ፣ በሌላ በኩል ቀን የሌለው ቃል ገብተሽ ሁለቱንም ማክበር አትችይም። በዚህ ቦታ የምትገቢው ቃል ርክክብ ብቻ ይሁን።

ሦስተኛው ያስደነገጠኝ ነው። «ሒሳቡ በሙሉ በእጄ ተጣርቶና ተጠናቆ ይገኛል» ብለሻል። አካውንታንት እንዲህ ዓይነት ነገር እንዴት ይጽፋል? የበጀት ዓመቱ የተዘጋው ሰኔ 30 ነው። ቆጠራው፣ የባንክ ማስታረቁ፣ ኦዲቱ ገና ነው። ዓመታዊ የትርፍ ግብሩ እስከ ጥቅምት 30 የሚቀርብ ከሆነ፣ በዚያን ጊዜ አንቺ የለሽም። ኦዲተሩ አንድ ያልተወራረደ ቅድሚያ ክፍያ ቢያገኝ፣ በፊርማሽ «በሙሉ ተጠናቋል» ያለ ወረቀት ማህደርሽ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ስለ ሒሳቡ ሁኔታ መልቀቂያ ደብዳቤ ላይ አንድም ቃል አትጻፊ። ያ የርክክብ ሰነድ ሥራ ነው፤ እዚያ እስከየት እንደደረሰ በዝርዝር ይጻፋል።

አራተኛው የደመወዙ ነገር ነው። «የኑሮ ውድነቱን መቋቋም ስላቃተኝ በእጥፍ ደመወዝ ወደ እንትን ድርጅት» ብለሽ ስሙንም ጠርተሻል። ለምን? ምክንያት የመስጠት ግዴታ የለብሽም፤ «በገዛ ፈቃዴ» በቂ ነው። ለጋሼ በቃል ብትነግሪያቸው ያንቺ ጉዳይ ነው። ወረቀት ላይ ሲሆን ግን ምስጋናሽን ወደ ቅሬታ ይለውጠዋል። ከላይ «ሁሉን ያደረጉልኝ» ካልሽ በኋላ ከታች «የከፈሉኝ አልበቃኝም» ማለትሽ ነው። አንዱ መስመር ሌላውን ይበላዋል። በዚያ ላይ አዲሱን ሥራ ገና አልጀመርሽም። ሰው ለሰው ይደዋወላል፤ በተለይ በአስመጪዎች መንደር።

አሁን ወደ ቀኑ እንሂድ። እዚህ ላይ ስሌትሽ ተሳስቷል።

ነሐሴ 11 ብታስገቢ፣ ማስጠንቀቂያው መቆጠር የሚጀምረው ከተከታዩ የሥራ ቀን ነው። ማለትም ነሐሴ 12። ከ12 እስከ 30 ድረስ 19 ቀን ነው። ጳጉሜን ዘንድሮ አምስት ናት፤ 24 ሆነ። የቀረው 6 ቀን መስከረም ውስጥ ይገባል። ማስጠንቀቂያሽ የሚሞላው መስከረም 6 ነው፣ አዲሱ ሥራ ደግሞ መስከረም 4 ይጀምራል። ሦስት ቀን ጎደለሽ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን ማስጠንቀቂያውን ሳይሞላ የሄደ ሠራተኛ ለአሠሪው ካሳ ሊከፍል ይችላል፤ ጣሪያው የ30 ቀን ደመወዝ ሲሆን ከሚቀርሽ ክፍያ ላይ ይታሰባል። ጋሼ እንዲህ አያደርጉ ይሆናል። ሰው ሀብት ግን ጋሼ አይደለም።

የሐምሌን ታክስ መጠበቅሽም አያስፈልግም። ማስጠንቀቂያ ሰጠሽ ማለት ሥራ አቆምሽ ማለት አይደለም፤ በእነዚያ 30 ቀናት ውስጥ የሐምሌን ቫት፣ የደመወዝ ግብርና ጡረታ እንደ ወትሮው ታሳውቂያለሽ። የነሐሴው ግን አንቺ ከወጣሽ በኋላ የሚቀርብ ስለሆነ ለሚተካሽ ሰው በጽሑፍ ታስታውሺዋለሽ።

የኔ ምርጫ ነሐሴ 1 ዓርብ ነው። ቅዳሜ ግማሽ ቀን የምትሠሩ ከሆነ ቆጠራው ነሐሴ 2 ይጀምርና ጳጉሜን 1 ይሞላል። ቅዳሜ የማትሠሩ ከሆነ ከሰኞ ነሐሴ 4 ተነስተሽ 27 ቀን የነሐሴ፣ 3 ቀን የጳጉሜን ይሆናል። ስለዚህ ጳጉሜን 3 ብለሽ ብትጽፊ በሁለቱም መንገድ አትሳሳቺም። የዓመት በዓሉንም እቤትሽ ትውያለሽ። ድርጅቱ ቀኑ እንዲያጥር ከተስማማ ደግሞ ስምምነቱን በጽሑፍ ተቀበይ፤ በቃል «ችግር የለም፣ ሂጂ» የሚለውን አትመኚው።

(አንድ ነገር ላስገባ፦ ይህ ሁሉ የሚሠራው በግል ድርጅት ለተቀጠረ ሠራተኛ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው። አንቺም የፋይናንስ ክፍሉን የምትመሪ «የሥራ መሪ» ብትሆኚ አዋጁ አይመለከትሽም፤ ያኔ ውልሽ ላይ የተጻፈውን የማስጠንቀቂያ ጊዜ ነው የምታዪው። ሲኒየር አካውንታንት የሚለው ስም ብቻውን የሥራ መሪ አያደርግሽም። ለማንኛውም ውልሽን ከመሳቢያ አውጪና ተመልከቺ።)

እንግዲህ ደብዳቤውን እንዲህ አድርጌ ጻፍኩልሽ። ስምና ቀን አስተካክለሽ ተጠቀሚበት።

ቀን፦ ነሐሴ 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ… ድርጅት ሰው ሀብት አስተዳደር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በገዛ ፈቃዴ ሥራ መልቀቄን ስለማሳወቅ

ከሐምሌ 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በድርጅቱ የፋይናንስ ክፍል ተቀጥሬ ስሠራ ቆይቻለሁ፤ በአሁኑ ጊዜ በሲኒየር አካውንታንትነት እያገለገልኩ እገኛለሁ። በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን የምለቅ በመሆኑ በዚህ ደብዳቤ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠቴን አሳውቃለሁ። የመጨረሻ የሥራ ቀኔ ጳጉሜን 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ይሆናል።

እስከዚያ ድረስ በእጄ የሚገኙትን ሥራዎች፣ ሰነዶችና ንብረቶች ድርጅቱ በጽሑፍ ለሚመድበው ሰው አስረክባለሁ።

ከጁኒየር አካውንታንትነት ተነስቼ ሙያውን እንድማርና እንዳድግ ዕድል ስለሰጡኝ ድርጅቱንና ኃላፊዎቼን ከልብ አመሰግናለሁ።

ከሰላምታ ጋር
(ስም እና ፊርማ)

ግልባጭ፦ ለዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ለፋይናንስ ክፍል

ይኸው ነው። ምስጋናው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ግን ባዶ አይደለም። «ለተደረገልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ» የሚለውን ማንም ይጽፈዋል። አንቺ ግን ከጁኒየርነት መነሳትሽን ጠቅሰሻል፤ ጋሼ ያነበቡት እንደሆነ ስለማን እንደተጻፈ ያውቃሉ። የእናትሽን ነገር ያወጣሁት ማህደር ውስጥ መግባት የሌለበት ስለሆነ ነው። የእሳቸውንም ስም ያልጠራሁት ሌሎች ኃላፊዎችም ስለሚያነቡት ነው። እነሱም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፣ ቢያንስ እንዲህ ብለው ያስባሉ።

የቅጥር ቀኑን ለምን መጀመሪያ ላይ እንዳስገባሁት ልንገርሽ። በረቂቅሽ ላይ «ለስድስት ዓመታት ገደማ» ብለሻል። «ገደማ» ገንዘብ ታስወጣለች። በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሠራተኛ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የመቆየት ግዴታ ከሌለበትና ቢያንስ አምስት ዓመት ካገለገለ የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። ብዙ ሰው ይህ የሚከፈለው ለተባረረ ብቻ ይመስለዋል። ስሌቱ ከባድ አይደለም። ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ከዚያ ለሚጨመረው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ነው፤ ድምሩ ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ደመወዝሽን አልነገርሽኝም፤ 24,000 ብር ነው እንበል። ለመጀመሪያው ዓመት 24,000። ለቀሩት አምስት ዓመታት በየዓመቱ 8,000፣ ማለትም 40,000። ድምሩ 64,000 ብር፣ ግብር ሳይነሳለት። ያልተጠቀምሽበት የዓመት ፈቃድ ካለ እሱም በገንዘብ ይታሰባል። ድርጅቱ ለትምህርት ወይም ለሥልጠና ከፍሎልሽ «ይህን ያህል ዓመት አገለግላለሁ» ብለሽ ፈርመሽ ከሆነ ግን ቀድመሽ እሱን ጨርሺ።

ይህን ሁሉ ደብዳቤው ላይ አትጠይቂ፣ ምስጋናው አጠገብ ደስ አይልም። ቀኑ በትክክል ከተጻፈ፣ «በገዛ ፈቃዴ» ከተባለና ማስጠንቀቂያው ከተሰጠ መብትሽን በሌላ ቀን በሌላ ወረቀት ትጠይቂያለሽ።

አሁን ስለ ጋሼ። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ከመድረሱ በፊት እሳቸው ከአንቺ አፍ ይስሙት። የልጃቸውን ያህል ያዩሽ ሰው ነገሩን ከጸሐፊያቸው እጅ በወረቀት ቢያገኙት ይከፋቸዋል፤ ቢከፋቸውም እውነት አላቸው። ጠዋት ሥራ ሳይበዛ ግቢ። «ጋሼ፣ ሌላ ቦታ ሥራ አግኝቻለሁ፣ ዛሬ ደብዳቤ አስገባለሁ። ከሰው ከሚሰሙት ብዬ ነው» በያቸው። ገጽ ተኩሉ የሚነገረው እዚህ ነው። እናትሽን፣ የመጀመሪያውን ኦዲት፣ ያሳደጉሽን ሁሉ ንገሪያቸው። ከፈለግሽ ረቂቅሽን በእጅሽ ጽፈሽ በፖስታ ስጫቸው። እሱ የግል ነው፣ ማንም ማህደር ውስጥ አያስገባውም።

ምናልባት «ደመወዝ ልጨምርልሽ» ይሉሻል። እዚያው መልስ አትስጪ፤ ሥራውን ለመቀየር የወሰንሽበት ምክንያት ገንዘብ ብቻ መሆን አለመሆኑን ማታ አስቢበት። ምናልባትም «መልቀቂያሽን አልቀበልም» ይላሉ፤ ከፍቅር የተነሳ ይሆናል። አትከራከሪ፣ ግን ወረቀቱን መልሰሽ ይዘሽ አትውጪ። ሁለት ኮፒ ይዘሽ መዝገብ ቤት ሂጂ። አንዱን ገቢ አድርጊ፣ ሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመቺ። እሱ ያንቺ ነው። መዝገብ ቤቱም እምቢ ካለ በፖስታ ቤት በአደራ ላኪው፤ የአደራ ደረሰኙ ቀኑን ይመሰክርልሻል። ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ ነበር ብሎ ወረቀት ማሳየት ያልቻለ ሰው ነገሩ ሁሉ የአፍ ብቻ ይሆናል።

የቀረው ርክክብ ነው፤ የአካውንታንት መልቀቂያ ከሌላው ሠራተኛ የሚለየው በዚህ ነው። ደብዳቤው ላይ «በጽሑፍ ለሚመድበው ሰው» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ካልተመደበ የምታስረክቢው ለማን ነው? ሳምንት ጠብቀሽ ካልመደቡ በአጭር ማስታወሻ አስታውሺ፣ ኮፒውን ያዢ።

ከጥቃቅን ወጪ ሳጥን ጀምሪ፣ ጣጣ የሚመጣው ከሱ ነው። ጥቃቅን ወጪው በ10,000 ብር ቋሚ መጠን የተያዘ ነው እንበል። ሳጥኑን ከፍታችሁ ስትቆጥሩ ጥሬ ገንዘቡ 3,260 ብር ሆነ። የወጪ ማስረጃዎቹ ተደምረው 6,490 ሆኑ። ሁለቱ 9,750 ነው። 250 ብር ጎደለ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ጉድለት ስርቆት አይደለም፤ ሾፌሩ ለፓርኪንግና ለጎሚስታ ብሎ ወስዶ ደረሰኝ ያላመጣበት ነው። አንቺ ታውቂያለሽ፣ ተረካቢው ግን አያውቅም። ከኪስሽ ሞልተሽ ዝም አትበዪ፤ ነገሩን መደበቅ ይመስላል። ሾፌሩን ጠርተሽ ወይ ደረሰኙን ያምጣ፣ ወይ መውሰዱን ፈርሞ ይመን። ካልተገኘ ጉድለቱ በቆጠራው ቃለ ጉባኤ ላይ እንዳለ ይጻፍና ሁለታችሁም፣ አንድ ታዛቢም ይፈርም። ቆጠራው በመጨረሻው ቀን ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ሳጥኑን አትንኪ።

ቀጥሎ ደረሰኞችና ቼኮች። ያልተሠራበት የደረሰኝ ጥራዝ ካለ «ጥራዝ 3» ብሎ ብቻ መጻፍ አይበቃም። ከቁጥር እስከ ቁጥር ይጻፍ። ቼክም እንዲሁ፦ የመጨረሻው የተሠራበት ቁጥር፣ የመጀመሪያው ባዶ ቁጥር፣ የተበላሹትም በየቁጥራቸው። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ደረሰኝ ጠፋ ቢባል፣ ስትወጪ እዚያ እንደነበረ የሚያሳየው ይህ ዝርዝር ብቻ ነው። ባንክ ላይ ፈራሚ ከሆንሽ ደግሞ ስምሽ እንዲነሳ ድርጅቱ ለባንኩ እንዲጽፍ ጠይቂ፤ የደብዳቤውን ኮፒ ሳትይዢ አትውጪ።

ሒሳቡ የደረሰበትን ደግሞ በወር ጻፊ። «የባንክ ማስታረቅ እስከ ሐምሌ 30 ተሠርቷል፤ ያልተመነዘሩ ቼኮች ዝርዝር ተያይዟል፤ የዓመት መዝጊያው ማስተካከያዎች አልተመዘገቡም።» ያልተሠራውን መጻፍ አያሳፍርም። እንዲያውም በኋላ የሚመጣው ሰው «ይህን እሷ ነበረች ያበላሸችው» እንዳይል ድንበሩን ያሰምርልሻል።

ፒችትሪም ሆነ ሌላ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ የይለፍ ቃልሽን ለሌላ ሰው አትስጪ። በስምሽ ገብቶ የሚመዘግበው ሁሉ ያንቺ ሥራ ሆኖ ይቀራል። የተጠቃሚ ስምሽ እንዲዘጋ በርክክብ ሰነዱ ላይ ቀኑን ጠቅሰሽ ጠይቂ። ግብር የምታሳውቁበት የኢንተርኔት መግቢያም የድርጅቱ ነው፤ አንቺ ባለሽበት የይለፍ ቃሉን ተረካቢው ራሱ ይቀይረው፣ ስልክ ቁጥርሽ እዚያ ላይ ከተመዘገበም ይቀየር። አለበለዚያ አዲሱ ቢሮሽ ቁጭ ብለሽ የማረጋገጫ ኮድ ስትልኪላቸው ትውያለሽ።

ከክሊራንሱ ጋር ሁሉም የሚረሳው አንድ ሰው አለ፤ ተያዥሽ። ፋይናንስ ክፍል ስትቀጠሪ አጎትሽ ወይም ሌላ ሰው ዋስ ሆኖ ፈርሞልሽ ይሆናል። ክሊራንሱ ሲያልቅ የዋስትናው ግዴታ መነሳቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጻፍለት። ስድስት ዓመት ሙሉ በፊርማው የቆየ ሰው ቢያንስ አንድ ወረቀት ይገባዋል። አዲሱም ቦታ ዋስ ሊጠይቅሽ ስለሚችል ሰውየው ከቀድሞው ነፃ መሆኑን ማወቅ ይፈልጋል።

ክፍያሽን በተመለከተ፣ ሕጉ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ይከፈል ይላል። ከጳጉሜን 3 ብትቆጥሪ፣ የዘመን መለወጫውን ዘለሽ፣ ቅዳሜ የሥራ ቀን ከሆነ መስከረም 7፣ ካልሆነ መስከረም 8 ላይ ይደርሳል። ነገር ግን የድርጅቱን ንብረት ወይም ገንዘብ ካልመለስሽ መዘግየቱ የአሠሪው ጥፋት አይሆንም። ያቺ 250 ብር ያልተጻፈች እንደሆነ 64,000ውን ይዛብሽ ትቆያለች። በራሳቸው ምክንያት ካዘገዩት ግን እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ክፍያ ሊወሰንባቸው ይችላል። ይህን ለጋሼ አትንገሪያቸው። ማወቅሽ ይበቃል።

የሥራ ልምድ ማስረጃሽን ደግሞ ከክፍያው ጋር ሳይሆን ከዚያ በፊት ጠይቂ። የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንሽንና ደመወዝሽን የሚገልጽ ደብዳቤ በነፃ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ሲሰጡሽ እዚያው ቆመሽ አንብቢው። የቅጥር ቀኑ ሐምሌ 1 ቀን 2012 መሆኑን፣ ከጁኒየር ወደ ሲኒየር ያደግሽበት ቀን መግባቱን፣ የስምሽ አጻጻፍ ከጡረታ መለያ ቁጥርሽ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዪ። «ፀሐይ» ተብሎ የተመዘገበ ስም «ጸሃይ» ሆኖ ቢመጣ አዲሱ ቢሮ ጡረታሽን ለማስቀጠል ሲሞክር ያጉላላሻል። የሚታረመው ማኅተሙ አጠገብሽ እያለ ነው።